ክፉ ሕግ ሕግ ነው? የባምበርጓ ሚስትና የደርግ አዋጆች

አማርኛ ስለ ሕግ ሲናገር ሁለት ልብ ያለው ይመስላል። መንገድ ላይ የሚደባደቡ ሰዎችን ለማስቆም ድሮ «በሕግ አምላክ!» ይባል ነበር። ከሕጉ በላይ የቆመ አንድ ጌታ እንዳለ የሚያስታውስ ጥሪ ነው። ሌላው ደግሞ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው ተረት ነው። ተናጋሪው በቅሎውን ያጣበት ፍርድ ትክክል ይሁን አይሁን አላነሳም። በሥርዓት መሄዷ ይበቃዋል።

የሕግ ተማሪዎች በፈተና ላይ የሚያገኙት «የተፈጥሮ ሕግንና ሊጋል ፖዚቲቪዝምን አነጻጽር» የሚል ጥያቄ በእነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል ያለው ክፍተት ነው ማለት ይቻላል። ከፈተና ክፍል ውጭም በየቀኑ ይነሳል። አንድ መመሪያ ወይም እስር ሲያከራክር አንዱ «ሕጋዊ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሌላው «ይህ ሕግ አይደለም» ይላል። ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ፤ «ሕግ» የሚሉት ግን አንድ ነገር አይደለም። ይህ ጽሑፍ ክርክሩን በአንድ የጀርመን የክስ መዝገብ በኩል ያያል። ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። የውጭ አገሮቹ ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያዎቹ በእኛው።

መጀመሪያ ቃሎቹ

«ፖዚቲቪዝም» የሚለው ቃል ያሳስታል። ከ«ፖዚቲቭ አስተሳሰብ» ጋር ምንም ዝምድና የለውም። መነሻው «የተቀመጠ፣ የተደነገገ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ነው። ሊጋል ፖዚቲቪዝም የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ደንብ ሕግ መሆኑ የሚታወቀው ከየት እንደመጣ በማየት እንጂ ጥሩ መሆኑን በመመዘን አይደለም። ሥልጣን ያለው አካል በታወቀው መንገድ ካወጣው ሕግ ነው። መጥፎ ሕግም ሊሆን ይችላል።

የተፈጥሮ ሕግ አስተሳሰብ ደግሞ ሕግን ከፍትሕ ሙሉ በሙሉ መነጠል አይቻልም ይላል። ሰው በአእምሮው ሊደርስባቸው የሚችል የመልካምና የክፉ መለኪያዎች አሉ። ከእነሱ ጋር ፈጽሞ የተጣላ ትእዛዝ የሕግ ልብስ ቢለብስም ሕግ የሚያሰኘው ነገር ይጎድለዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ብዙ ሰው ፖዚቲቪስት ማለት «ሕግ ከሆነ ታዘዝ» የሚል ሰው ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የዘመናችን ታላላቅ ፖዚቲቪስቶች «ሕግ ነው፤ ግን ክፉ ስለሆነ አትታዘዝ» ማለት ይችላሉ፤ ብለዋልም። በሌላው ወገንም የመካከለኛው ዘመን የሃይማኖት ፈላስፋ ቶማስ አኲናስ ፍትሕ የጎደለውን ሕግ የሕግ ብልሽት ብሎ ቢጠራውም፣ ሁከት እንዳይነሳ ሲባል አንዳንዴ መታዘዝ ሊያስፈልግ እንደሚችል ተቀብሏል። ስለዚህ ጠቡ መታዘዝና አለመታዘዝ ላይ አይደለም። የሞራሉ ክርክር የት ይካሄድ ነው ጥያቄው፤ «ሕግ» በሚለው ቃል ውስጥ ወይስ ከቃሉ ውጭ?

ባሏን ያሳሰረችው ሴት

1944፣ ጀርመን። አንድ ወታደር ለእረፍት ወደ ቤቱ ይመጣል። ከሚስቱ ጋር ሲጨዋወት ሂትለርን የሚያንቋሽሽ ነገር ይናገራል። ሚስትየዋ ባሏን ለመገላገል ትፈልግ ነበር። ሄዳ ለአካባቢው የናዚ ፓርቲ መሪ ነገረች። ባልየው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበና ሞት ተፈረደበት። አልተገደለም ግን፤ ጥቂት ታስሮ ወደ ጦር ግንባር ተላከ።

ጦርነቱ አልቆ ናዚዎች ከወደቁ በኋላ ክሱ ዞረ። ሴትዮዋ ሰውን በሕገወጥ መንገድ ነጻነቱን በማሳጣት ተከሰሰች። አንቀጹ አዲስ አልነበረም። ከ1871 ጀምሮ ያለ፣ በናዚ ዘመንም ያልተሻረ የጀርመን የወንጀል ሕግ ነው። እሷም መልሷ ዝግጁ ነበር፦ «እኔ ያደረግሁት በወቅቱ ሕግ የተከለከለውን ንግግር ማሳወቅ ነው። የፈረደው ፍርድ ቤት ነው። የቱ ጋ ነው ሕገወጥ የሆንኩት?»

ጉዳዩ በ1949 የባምበርግ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሴትዮዋ ጥፋተኛ ተባለች።

የዚህ ክስ ክብደት ከወንጀሉ መጠን አይደለም፤ በዚያ ዘመን ከዚህ በብዙ የከፋ ተፈጽሟል። ክብደቱ መልሷ ላይ ነው። የናዚው ሕግ ሕግ ከነበረ እሷ ሕገወጥ አልሠራችም። ሕግ አልነበረም ካልን ደግሞ፣ ያኔ ሁሉም ሰው እንደ ሕግ ሲመለከተው የነበረውን ነገር ዛሬ ከኋላ ተነስተን እየሻርን ነው።

የራድብሩክ ቀመር

ጉስታቭ ራድብሩክ የሕግ ፈላስፋ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የጀርመን የፍትሕ ሚኒስትር ሆኖ ሠርቷል። ናዚዎች በ1933 ከሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ አባረሩት። በ1946 ባወጣው አጭር ጽሑፍ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቀመር አስቀመጠ።

ቀመሩ ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ደረጃ፣ የተደነገገ ሕግ ፍትሕ ቢጎድለውም ይጸናል፤ ሰዎች በሕጉ ተማምነው ይኖራሉና። ኢፍትሐዊነቱ የማይታገስ ደረጃ ሲደርስ ግን ሕጉ ለፍትሕ ይለቃል። በሁለተኛው ደረጃ፣ ሕግ አውጪው ፍትሕን ጨርሶ ያልፈለገ ከሆነ፣ የሰዎችን እኩልነት ሆን ብሎ ከረገጠ፣ ያወጣው ነገር ከመነሻውም ሕግ አይደለም።

ልብ በሉ፤ ራድብሩክ «መጥፎ ሕግ ሁሉ ሕግ አይደለም» አላለም። በሩን በጣም ጠባብ አድርጎ ነው የከፈተው። ግብሩ በዛብኝ፣ ቅጣቱ ከበደኝ የሚል ሰው በዚያ በር አይገባም።

ራድብሩክ አንድ ተጨማሪ ነገርም ብሏል፤ ይህኛው ብዙ አከራክሯል። የጀርመን ዳኞች «ሕግ ሕግ ነው» በሚል ፖዚቲቪስታዊ ትምህርት ስላደጉ በናዚ ፊት መከላከያ አጡ አለ። ታሪኩ ግን ይህን በደንብ አይደግፈውም። በሰኔ 1935 ናዚዎች የወንጀል ሕጉን አሻሻሉ። በማሻሻያው መሠረት በጽሑፍ ያልተከለከለ ድርጊት እንኳ በአንድ የወንጀል ሕግ መሠረታዊ ሐሳብና «በጤናማው የሕዝብ ስሜት» መሠረት ቅጣት ይገባዋል ከተባለ ዳኛው መቅጣት ይችላል። ይህ የፊደል አምልኮ አይደለም። ይልቁንም ከጽሑፉ በላይ «ሞራል» ያስቀመጠ ሕግ ነው፤ ሞራሉ የናዚ ሆነ እንጂ። ለተፈጥሮ ሕግ ወገን ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ዳኛው ከጽሑፉ በላይ ሌላ መለኪያ ይዞ ይፍረድ ካልን፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሚሆን መምረጥ አንችልም።

ሃርት፦ ከሁለት ክፉዎች አንዱን ምረጡ

በ1958 የኦክስፎርዱ ኤች ኤል ኤ ሃርት የሴትዮዋን ጉዳይ አንስቶ ለራድብሩክ መልስ ጻፈ። ሃርት ፖዚቲቪስት ነው። ሴትዮዋ መቀጣቷን አይቃወምም። የሚቃወመው የተቀጣችበትን ምክንያት አሰጣጥ ነው።

የሃርት ሐሳብ እንዲህ ነው። የናዚው ሕግ ሕግ ነበር። ሴትዮዋን መቅጣት ከፈለግን ግልጽ የሆነ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ሕግ እናውጣ። ይህ ራሱ ክፉ ነገር ነው፤ ሰው በሠራበት ጊዜ ወንጀል ባልነበረ ነገር መቅጣት ነውና። እሷን ያለ ቅጣት መተውም ክፉ ነው። የምንመርጠው ከሁለት ክፉዎች አንዱን ነው፤ እንግዲያው እንደዚያ መሆኑን አምነን እንምረጥ። «ያኔም ሕግ አልነበረም» ብሎ ማለፍ ግን የከፈልነውን ዋጋ መደበቅ ነው።

ሃርትን ጠንካራ የሚያደርገው ይህ ግልጽነት ይመስለኛል። ደካማ ጎኑም እዚያው አጠገብ ነው። «ሕግ ነው፤ ክፉ ነው» የሚለው አባባል ለፈላስፋ ይበቃል። ዳኛው ግን ነገ ጠዋት ችሎት ላይ ተቀምጦ መወሰን አለበት፤ አዲስ ሕግ የሚያወጣለት ፓርላማ ላይኖር ይችላል። ሃርት ዳኛው በዚያ ጠዋት ምን ያድርግ ለሚለው የሰጠው መልስ ቀጭን ነው።

ሃርት ሕግ በምን እንደሚታወቅም ገልጿል። በየሥርዓቱ ባለሥልጣናትና ዳኞች ሕግን ከሌላው ነገር ለመለየት የሚጠቀሙበት መለያ ደንብ አለ። «ፓርላማው ያጸደቀው»፣ «ንጉሡ ያወጀው» ዓይነት ነው። መለያ ደንቡ የሚኖረው ባለሥልጣናቱ ስለተቀበሉትና ስለሚሠሩበት ነው። ይህ ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ያስፈልገናል።

ፉለር፦ ጽሑፉን ራሱን አንብቡት

የሃርቫርዱ ሎን ፉለር በዚያው ዓመት መለሰ። ፉለር የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ስለ እግዚአብሔር ወይም ስለ ሰው ባሕርይ አይሰብክም። «የናዚዎቹን ሕግ አውጥታችሁ አንብቡት» ይላል።

ባልየው ከተፈረደበት ደንቦች አንዱ የሚከለክለው በአደባባይ የተነገረን ነገር ነው። ባልየው የተናገረው ለሚስቱ፣ በቤቱ ውስጥ ነው። ዳኞቹ ይህን አደባባይ ካሉት የደንቡን ቃል አጥፍተውታል። ስለዚህ ነገሩ «ክፉ ሕግ በትክክል ተፈጸመ» ማለት እንኳ ያስቸግራል። ፉለር ሌሎች ምሳሌዎችም ይጨምራል፤ ያልታተሙ ሚስጥራዊ ሕጎች፣ ከግድያ በኋላ ግድያውን ሕጋዊ የሚያደርጉ አዋጆች። በ1934 ሂትለር የራሱን የፓርቲ ሰዎች ካስገደለ በኋላ በሐምሌ 3 አንድ አንቀጽ ብቻ ያለው ሕግ ወጣ። በሰኔ 30፣ በሐምሌ 1ና 2 የተወሰዱት እርምጃዎች ለመንግሥት ራስን መከላከል ስለሆኑ ሕጋዊ ናቸው ይላል። አለቀ።

ለፉለር ሕግ የራሱ የሆነ ውስጣዊ ሥነ ምግባር አለው። መታተም አለበት። ግልጽ መሆን አለበት። በመሠረቱ ወደ ፊት መመልከት አለበት። ባለሥልጣኑም ባወጀው ቃል መሠረት መሥራት አለበት። እነዚህ ጨርሰው ሲጠፉ የቀረው ነገር ጉልበት ነው።

የሃርት መልስ ሹል ነበር። እነዚህ መመዘኛዎች የሥራ ጥራት መለኪያዎች ናቸው፤ መርዝ ለሚቀምም ሰውም ጥሩ አሠራር አለው አለ። የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ሕጎች ለዚህ ይጠቀሳሉ። ሰው በቆዳው ቀለም የት ሠፈር እንደሚኖር የወሰነው የ1950 ሕግ በፓርላማ የጸደቀ፣ የታተመ፣ ወደ ፊት የሚሠራ ነበር። የፉለርን ፈተና በአብዛኛው ያልፋል። የራድብሩክን ግን ይወድቃል። የተፈጥሮ ሕግ ወገን ነው ተብሎ በአንድ ሳጥን የሚከተተው ሐሳብ አንድ ወጥ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ፍርድ ቤቱ በእርግጥ ያለው

አሁን ወደ ባምበርግ እንመለስ፤ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ሃርትና ፉለር የተከራከሩት ፍርድ ቤቱ የናዚውን ሕግ እንደ ሻረ አድርገው ነው። ምንጫቸው በእንግሊዝኛ የታተመ አጭር ማጠቃለያ ነበር፤ ማጠቃለያው ስህተት ነበረበት። ይህ የተጋለጠው በ1960 ነው። በእርግጥ ፍርድ ቤቱ ሕጉን አልሻረም። የተፈጥሮ ሕግን የጣሰ ሕግ ዋጋ ቢስ ሊሆን እንደሚችል በመርህ ደረጃ ተቀብሎ፣ ይህኛው ግን ከባድ ቢሆንም እዚያ ደረጃ መድረሱ ግልጽ አይደለም አለ። ታዲያ ሴትዮዋ እንዴት ጥፋተኛ ሆነች? ሕጉ ጥቆማ እንድታቀርብ አያስገድዳትም ነበር። ማንም ሳያስገድዳት ፍርድ ቤቱን ባሏን ማጥቂያ መሣሪያ አደረገችው። የፈረደው ዳኛ ነጻ ወጣ፤ እሷ አልወጣችም።

ዓለም ሁሉ የሚያስተምረው ክርክር ባልተሰጠ ፍርድ ላይ ነው ማለት ነው። ሃርት በኋላ ጉዳዩን እንደ ምናባዊ ምሳሌ እንዲታይ ጠቁሟል። የሐሳቡ ዋጋ አይቀንስም። ነገር ግን የፍርድ ቤቶችን ባሕርይ ያሳያል። ዳኛ የተጠየቀው «ይህ ሕግ ነው ወይ?» ቢሆንም፣ ሌላ መውጫ ቀዳዳ ካገኘ በእሱ መውጣት ይመርጣል።

የበርሊን ግንብ ጠባቂዎች ጉዳይም ይህንኑ መንገድ ሄዷል። የምሥራቅ ጀርመን ወታደሮች የሚሸሹ ሰዎችን ተኩሰው ገድለዋል። የድንበር ሕጉ መተኮስን በተወሰነ ሁኔታ ይፈቅድ ነበር። ከውህደቱ በኋላ የጀርመን የበላይ ፍርድ ቤት በ1992 የራድብሩክን ቀመር ጠቅሶ መከላከያቸውን ውድቅ አደረገ። የምሥራቅ ጀርመን መሪዎች ደግሞ ስትራስቡርግ ላለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ያ ፍርድ ቤት በ2001 ለብቻው ሌላ መንገድ ያዘ። የምሥራቅ ጀርመን የራሷ ሕገ መንግሥትና ሕግ ሕይወትን ይጠብቁ ነበር፤ ግድያው ያኔም በራሳቸው ሕግ ሕገወጥ ነበር አለ። ማለትም ወደ ሰማይ ማየት ሳያስፈልግ ወረቀቱ ይበቃል ነው ነገሩ። ችግሩ ባለሥልጣናቱ ያንን ወረቀት እንደዚያ አንብበውት አያውቁም። ለሃርት መለያው የባለሥልጣናቱ አሠራር ነው፤ ስለዚህ ይህን ንባብ በጥርጣሬ ቢያየው አያስደንቅም።

አዲስ አበባ፦ አንቀጽ 281

የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ሲጀመር ይኸው ጥያቄ በአማርኛ ተነሳ። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ያቆመው በ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ላይ ነው። አንቀጹ የዘር ማጥፋት ወንጀልን ይመለከታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ከወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የሚለየው አንድ ነገር አለው፤ ስምምነቱ ያልጠቀሳቸውን የፖለቲካ ቡድኖችንም ይጠብቃል። ኢሕአፓን የመሰሉ ድርጅቶች አባላት ግድያ በዚህ ስም ሊከሰስ የቻለው ለዚህ ነው።

የራድብሩክ ቀመር እዚህ ብዙም ሥራ አላገኘም። ክሱ የቆመው በንጉሡ ዘመን በወጣ፣ በደርግ ጊዜም በሥራ ላይ በቆየ ጽሑፍ ላይ ነው። ወደ ኋላ የተመለሰ አዲስ ወንጀል አልተፈጠረም። እስከዚህ ድረስ ፖዚቲቪስት ቢጽፈው የሚደሰትበት ክስ ነው።

ነገር ግን ደርግም ሕግ ያወጣ ነበር። አብዮቱን ይቃወማሉ በተባሉት ላይ እርምጃ እንዲወሰድ የሚፈቅዱ አዋጆች ነበሩ። የመከላከያው ክርክር ወደዚህ ይሄዳል፦ ኋላ የመጣ ሕግ የቀደመውን ይሽራል። ደርግ የፖለቲካ ተቃዋሚዎችን መምታት በአዋጅ ከፈቀደ፣ አንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድኖችን የሚጠብቅበት ክፍል ተሽሯል።

በሃርት መለያ ደንብ ይህ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። በ1967 መጀመሪያ ንጉሡ ከወረዱና ሕገ መንግሥቱ ከታገደ በኋላ ዳኛውም፣ ፖሊሱም፣ ቀበሌውም የደርግን አዋጅ እንደ ሕግ ይቀበል ነበር። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተም ነበር። ፖዚቲቪስት ከሆንክ «ደርግ ሕጋዊ መንግሥት አልነበረምና አዋጁ ሕግ አይደለም» የሚል አቋራጭ የለህም። ያን አቋራጭ ከያዝክ፣ በዚያው መንግሥት የተፈጸመ ጋብቻና ውልም አብሮ ይፈርሳል።

ለፉለር ግን መግቢያው ሌላ ነው። በኅዳር 14 ቀን 1967 ስድሳ ያህል ሰዎች፣ ከእነሱም ብዙዎቹ የንጉሡ ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በቀይ ሽብር ወቅትም ብዙዎች ችሎት ሳያዩ መንገድ ላይ ተገደሉ። ደርግ ልዩ ፍርድ ቤቶችን አቋቁሞ ነበር። ያቋቋማቸውን ፍርድ ቤቶች እንኳ ሳይጠቀም ከገደለ፣ «በሕጌ መሠረት ነው» ማለት ከፉለር ፈተና አያልፍም። ባለሥልጣኑ ከራሱ ቃል ወጥቷል። እዚህ ላይ ፉለር ከራድብሩክ ይልቅ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ አዋጁ ሰናይ ነው እኩይ ብሎ መከራከር ሳያስፈልግ አዋጁና ግድያው እንደማይገናኙ ማሳየት ይቻላልና።

በታኅሣሥ 1999 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኮሎኔል መንግሥቱን በሌሉበት፣ ሌሎችንም በርካታ ባለሥልጣናት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ አለ። ውሳኔው የአብላጫ ድምፅ እንጂ የሙሉ ድምፅ አልነበረም። አንድ ዳኛ በልዩነት ወጡ። የፖለቲካ ቡድኖችን የሚጠብቀው የአንቀጽ 281 ክፍል በደርግ ሕጎች ተሽሯል አሉ።

ይህ የልዩነት ሐሳብ በጋዜጣ ላይ ለደርግ የቆመ ሊመስል ይችላል። እንደ ሕግ ክርክር ግን ንጹህ የፖዚቲቪስት ንባብ ነው። የአሁኑ ዳኛ ደርግ ክፉ መሆኑን ቢያውቅም የደርግን አዋጅ እንደ ሕግ አንብቦ ምን እንደሻረ ይጠይቃል። ደግሞም ተከሳሾቹ በነጻ ይሂዱ አላሉም፤ ሰው መግደልን በመሰሉ ሌሎች የወንጀል አንቀጾች መጠየቅ እንዳለባቸው ነው ያሰፈሩት። አሥራ ሁለት ዓመት በፈጀው ችሎት መጨረሻ ዳኞቹን የለያያቸው ተገደሉ ወይስ አልተገደሉም አልነበረም። ለዚያ ግድያ ሕጉ የቱን ስም አስቀምጦለት ነበር የሚለው ነው።